የአንዲት ቀይ የደም ሴል ጉዞ፦ አጭር ልብ ወለዱን እንዴት እንጽፈዋለን?

ባዮሎጂ ሳስተምር በየዓመቱ የምሰጠው አንድ የቤት ሥራ አለ። «አንዲት ቀይ የደም ሴል ተከተሉ። በልብ፣ በሳንባና በሰውነት ውስጥ የምታደርገውን ጉዞ አጭር ልብ ወለድ አድርጋችሁ ጻፉ።» የልብን ሥዕል በቀስት ሞልቶ አሥር ከአሥር የሚያገኝ ተማሪ እዚህ ላይ ሲደናገር ደጋግሜ አይቻለሁ። ቀስቱ ደሙ ወዴት እንደሚሄድ ያሳያል። ሴሏ በየቦታው ምን ያህል ኦክስጅን እንደያዘች ግን አያሳይም። ታሪኩን ታሪክ የሚያደርገው ደግሞ ይኼ ነው።

ከዚህ በታች የማሳያችሁ ለተማሪዎቼ የማሳየውን አካሄድ ነው። ምሳሌውንም አብረን እንጽፋለን።

1. አንድ ዙር ብቻ ምረጡ

ብዙ ሰው ሴሏ በአጥንት መቅኔ ውስጥ ስትወለድ ጀምሮ በጣፊያ ውስጥ እስክትሞት መጻፍ ያምረዋል። ተዉት። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ገደማ ትኖራለች። ሰውየው ዐርፎ ሲቀመጥ አንድ ዙር በአማካይ አንድ ደቂቃ ይፈጅባታል። ስለዚህ በዕድሜዋ ከ170 ሺህ ዙር በላይ ትዞራለች ማለት ነው። ያን ሁሉ በሦስት ገጽ ልጻፍ ካላችሁ የሚወጣው የሕይወት ታሪክ ማጠቃለያ እንጂ ልብ ወለድ አይደለም።

አንድ ዙር ውሰዱ። ከዚያም ሁለት ነገር ወስኑ። ሴሏ ያለችው በማን ሰውነት ውስጥ ነው? የምትሄደውስ ወደ የትኛው የሰውነት ክፍል ነው? «ወደ ሰውነት ሄደች» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ገና አልመረጠም። ኩላሊት፣ አንጎል፣ ጡንቻ፣ አንጀት ሁሉም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው።

እኛ እንዲህ እንምረጥ። ልጁ 15 ዓመቱ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከጓደኞቹ ጋር የእንጦጦን ዳገት እየሮጠ ይወጣል። ሴሏን «ቀዮ» እንበላት። ቀዮ አሁን ከአንጎል እየተመለሰች ነው። በዚህ ዙር የሚደርሳት የግራ እግሩ ባት ነው።

ባትን የመረጥኩት በምክንያት ነው። የሚሠራ ጡንቻ ኦክስጅን በብዛት ይወስዳል። ስለዚህ በቀዮ ላይ የሚደርሰው ለውጥ ጎልቶ ይታያል። ኩላሊትን ብንመርጥ ብዙ ደም ይደርሰዋል፣ ከእያንዳንዷ ሴል የሚወስደው ግን ትንሽ ነው። ቀዮ ገብታ ትወጣለች፣ ታሪኩም ይቀዘቅዛል።

2. ከታሪኩ በፊት መንገዱን ጻፉ

በተለየ ወረቀት ላይ መንገዱን በተራ አስቀምጡ። የቀዮ እንዲህ ነው፦ ከአንጎል በላይኛው ታላቅ ደም መልስ ወደ ቀኝ የላይኛው የልብ ክፍል። ከዚያ ወደ ቀኝ የታችኛው ክፍል። በሳንባ ደም ቅዳ ወደ ሳንባ። በሳንባ ደም መልስ ወደ ግራ የላይኛው የልብ ክፍል። ከዚያ ወደ ግራ የታችኛው ክፍል። በታላቁ ደም ቅዳ፣ ማለትም በአኦርታ፣ ወጥታ ቁልቁል ወደ ሆድ። እምብርት አካባቢ አኦርታ ለሁለት ይከፈላል፤ ቀዮ ወደ ግራ ትታጠፋለች። ጭን፣ ከጉልበት ጀርባ፣ ባት። መልሱ ሽቅብ ነው፤ በታችኛው ታላቅ ደም መልስ አድርጋ እንደገና ወደ ቀኝ የላይኛው የልብ ክፍል።

ያያችሁት ነገር አለ? ልብ ውስጥ ሁለት ጊዜ ገብታለች። አንዴ በቀኝ በኩል፣ አንዴ በግራ በኩል። መንገዱ ክብ አይደለም፤ እንደ 8 ቁጥር ነው፣ መሐሉ ላይ ልብ አለ። ይኼ ካልገባችሁ ወደ ሦስተኛው ደረጃ አትለፉ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ስም ላይ ነው። «ደም ቅዳ ኦክስጅን የያዘ ደም ይወስዳል» ብለው ሸምድደዋል። ከዚያ የሳንባ ደም ቅዳ ሲመጣ ግራ ይገባቸዋል፤ ምክንያቱም በእርሱ የሚሄደው ኦክስጅኑ የቀነሰው ደም ነው። ደም ቅዳ ማለት ደምን ከልብ ቀድቶ የሚወስድ ማለት ነው። ደም መልስ ማለት ወደ ልብ የሚመልስ። ቃሉ ራሱ ይናገራል። አቅጣጫውን እንጂ ጭነቱን አይገልጽም። በዚህ ረገድ የአማርኛው ስም ከሸመደዱት ትርጉም ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

3. ጭነቱን በቁጥር ያዙ

ይኼ ዋናው ደረጃ ነው፤ ሳትቸኩሉ ሥሩት።

አንዲት ቀይ የደም ሴል በውስጧ ወደ 270 ሚሊዮን የሚጠጉ የሄሞግሎቢን ሞለኪውሎች አሏት። እያንዳንዱ አራት ቦታ አለው፤ በየቦታው አንድ የብረት አቶም አለ፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ የኦክስጅን ሞለኪውል ይቀመጣል። በጠቅላላው አንድ ቢሊዮን ገደማ መቀመጫ ማለት ነው። ለታሪኩ ሲባል ግን መቶ ወንበር እንዳላት አድርገን እንቁጠር።

ሰውየው በባሕር ወለል አካባቢ ዐርፎ ቢቀመጥ ከሳንባ ስትወጣ 98ቱ ወንበር ይሞላል። ሰውነትን ዞሮ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም በአማካይ 75 ይዞ ይመለሳል። ልብ በሉ! የምትሰጠው ከያዘችው ሩብ ያህሉን ብቻ ነው። በየዓመቱ «ባዶዋን ተመለሰች» የሚል ጽሑፍ ይደርሰኛል። ባዶዋን አትመለስም። የቀረው መጠባበቂያ ነው፤ ሰውየው ድንገት መሮጥ ሲጀምር የሚመዘዘው እርሱ ነው።

አሁን የእኛን ልጅ እናስላ። የእንጦጦ ከፍታ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ አየሩ የሳሳ ስለሆነ ኦክስጅንን ወደ ደም የሚገፋው ኃይል ይቀንሳል። ቀዮ ከሳንባ ስትወጣ 90 ገደማ ወንበር ተሞልቶላታል እንበል። ከአንጎል ስትመለስ 60 ነበረች። ባቱ ውስጥ ጡንቻው በኃይል እየሠራ ስለሆነ ወደ 30 ትወርዳለች።

ስለዚህ የታሪካችን ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦ 60 ይዛ ልብ ትገባለች፣ ሳንባ 90 ያደርጋታል፣ ባት 30 ላይ ይተዋታል። በመንገዱ ወረቀት ጠርዝ ላይ ጻፏቸው። ከሳንባ እስከ ባት ባለው መንገድ ሁሉ 90 ሆና ነው የምትጓዘው። በግራ ልብ ውስጥ ስታልፍ ምንም አትሰጥም። የልብ ጡንቻ የሚመገበው ከአኦርታ መነሻ ላይ በሚገነጠሉ በራሱ ደም ቅዳዎች ነው፤ በውስጡ ከሚያልፈው ደም አይደለም።

4. ሰዓቱን አስተካክሉ

በዕረፍት አንድ ደቂቃ የሚፈጀው ዙር፣ ልጁ ሲሮጥ ልቡ በደቂቃ የሚረጨው ደም በሦስትና በአራት እጥፍ ስለሚጨምር ወደ 20 ሰከንድ ይወርዳል። ታሪካችሁ በሙሉ የሚካሄደው በ20 ሰከንድ ውስጥ ነው! ልጁ በዚህ ጊዜ ውስጥ ጥቂት ሮጦ ምናልባት ለጓደኛው አንድ ቃል ይናገራል። ይህን በታሪኩ መግቢያና መውጫ ላይ መጠቀም ጥሩ ነው።

ሰከንዱን እኩል አታካፍሉት። በአኦርታ ውስጥ ደም ይከንፋል። በካፒላሪ ውስጥ፣ ማለትም በጣም ቀጭን በሆነው የደም ሥር፣ በሰከንድ 1 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚሄደው። ኦክስጅን የሚሰጥና የሚወሰደው ደግሞ በካፒላሪ ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ በሁለቱ ካፒላሪዎች፣ በሳንባና በባት፣ ብዙ አንቀጽ ስጡ። ሌላውን በጥቂት ዓረፍተ ነገር እለፉት።

5. ትዕይንቶቹን ጻፉ

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ጥያቄ አለ። ቀዮ ምን ታያለች? ምንም። ዐይን የላትም፤ ኒውክለስ እንኳ የላትም፣ ከመቅኔ ስትወጣ ትታዋለች። «ብርሃን አየች» ከማለት ይልቅ በሚነካት ነገር ጻፉ፦ ግፊት፣ ፍጥነት፣ ሙቀት፣ መጠበብ። ይኼ ገደብ ጽሑፋችሁን ያሳምረዋል እንጂ አይጎዳውም።

የቀኙን ልብ እንዲህ ጀመርኩት፦

«ከላይ ወደ ታች ወረደች። ስልሳ ይዛለች። ሰፊ ቦታ ገባችና ከሥር፣ ከእግር ከመጡ ሴሎች ጋር ተደባለቀች፤ እነሱ ከእርሷ የጠቆሩ ናቸው። በሩ ክፍት ነበር፣ አለፈች። ወዲያው ግድግዳው ከሁሉም አቅጣጫ ጨመቃት። ከኋላዋ በሩ ተዘጋ፤ ከፊቷ ሌላ በር ተከፈተ።»

«የጠቆሩ» የሚለውን አስተውሉ። ሰማያዊ አላልኩም። ኦክስጅን የቀነሰ ደም ጥቁር ቀይ ነው። መማሪያ መጻሕፍት ሰማያዊ የሚቀቡት ለመለየት ብቻ ነው፤ ክንዳችን ላይ ያለው ሥር ሰማያዊ የሚመስለው ደግሞ ብርሃን በቆዳ ውስጥ ሲያልፍ በሚሆነው ነገር ነው። ለደም ምርመራ ከክንዳችሁ ሲቀዳ ብልቃጡን እዩት።

በሩ ሲዘጋ ደግሞ ድምፅ አለ። ሐኪም በማዳመጫው የሚሰማው የመጀመሪያው ድምፅ የላይኛውንና የታችኛውን ክፍል የሚለዩት ቫልቮች ሲዘጉ ነው። ሁለተኛው ከልብ መውጫ ላይ ያሉት ቫልቮች ሲዘጉ። ስለዚህ «ድው» የሚለውን የትም አትበትኑት፤ ቫልቭ በሚዘጋበት ቦታ ብቻ አስገቡት።

አሁን ሳንባ፦

«መንገዱ ጠበበ፣ እንደገና ጠበበ፤ ከዚያ ለአንድ ብቻ ሆነ። ቀዮ ታጠፈች። ፊቷም ጀርባዋም ግድግዳ ነው። ከግድግዳው ማዶ አየር አለ። ልጁ አሁን በረጅሙ ስቧል። አንድ ኦክስጅን አለፈ። ሌላ። ስልሳ አምስት፣ ሰባ፣ ሰማንያ። ጥቁረቷ እየለቀቃት ሄደ። ዘጠና። መንገዱ እንደገና ሰፋ።»

እዚህ ላይ ሁለት ልክ ማወቅ ይጠቅማል። ቀዮ ወርዷ 7 እስከ 8 ማይክሮሜትር ነው፤ 130 የሚሆኑ እህቶቿ ጎን ለጎን ቢሰለፉ አንድ ሚሊሜትር ቢሞሉ ነው። ካፒላሪው ከእርሷ ቢጠብ እንኳ ትታጠፍና ታልፋለች። በእርሷና በአየሩ መካከል ያለው ግድግዳ ግን ከ1 ማይክሮሜትር የቀጠነ ነው። ኦክስጅኑ የሚሻገረው ማንም ተሸክሞት አይደለም፤ ከበዛበት ወዳነሰበት በራሱ ይሰርጋል። ሰው ሲያርፍ ሴሏ በዚህ ቦታ ሦስት አራተኛ ሰከንድ ያህል ትቆያለች፤ ለመሙላት ከዚያ ሲሶው ይበቃታል። ልጁ ሲሮጥ ጊዜው ያጥራል፤ አየሩም የሳሳ ነው። ታሪኩ ውስጥ ትንሽ ጥድፊያ ማስገባት ከፈለጋችሁ እውነተኛው ቦታ ይኼ ነው።

ግራ ልብን በአጭሩ እለፉት፣ ኃይሉን ግን አሳዩ። የግራው የታችኛው ክፍል ግድግዳ ከቀኙ ሦስት እጥፍ ያህል ይወፍራል። ቀኙ ደሙን እዚያው ጎረቤት ወዳለው ሳንባ ነው የሚገፋው፤ ግራው እስከ እግር ጣት። «በቀኝ በኩል የተጨመቀችው ጨዋታ ነበር» ብላችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ብትጽፉ አንባቢው ይገባዋል።

አሁን ባት። የታሪኩ ጫፍ እዚህ ነው። ቀዮ ከካፒላሪው አትወጣም! በተማሪዎቼ ታሪክ ውስጥ በር አንኳኩታ ጡንቻው ቤት ትገባለች፣ ኦክስጅኑን አስረክባ ትወጣለች። ያምራል፣ ግን አይሆንም። ጤነኛ በሆነ ጡንቻ ውስጥ ቀይ የደም ሴል ከደም ሥር አትወጣም። ኦክስጅኑ ነው ጥሏት የሚሄደው።

ለምን ይለቃታል? እዚያ ያለው ጡንቻ ኦክስጅኑን ጨርሶታል፣ ስለዚህ ወዳነሰበት ይሰርጋል። ከዚያም በላይ፣ የሚሠራ ጡንቻ ይሞቃል፣ አሲድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። እነዚህ ሦስቱ የሄሞግሎቢንን አያያዝ ያላሉታል። ጡንቻው ጠንክሮ በሠራ ቁጥር የበለጠ ይለቅለታል። እኔ ከሃያ ዓመት በላይ አስተምሬው አሁንም የሚደንቀኝ ይኼ ነው፤ ማንም ሳያዝዝ ብዙ ያስፈለገው ብዙ ያገኛል።

«ሞቀ። ግድግዳው ተጫናት። የያዘቻቸው አንድ በአንድ ላሉ። ሰማንያ፣ ስድሳ። ጡንቻው ኮምተር አለ፣ መንገዱ ተጨመቀ፣ ቆመች። ላላ፣ ቀጠለች። ሃምሳ፣ አርባ። ከማዶ ሌላ ነገር ወደ ውስጧ ገባ። ሠላሳ። ጠቁራለች።»

«ሌላ ነገር» ያልኩት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ብዙ ሰው ኦክስጅኑ ከወንበሩ ሲነሣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በእርሱ ወንበር የሚቀመጥ ይመስለዋል። አይደለም። ከብረቱ ላይ አይቀመጥም። አብዛኛው፣ ከመቶ 70 ያህሉ፣ ወደ ቀዮ ውስጥ ገብቶ ከውኃ ጋር ይዋሐድና ባይካርቦኔት ወደሚባል ነገር ይለወጣል፤ ከዚያ ተመልሶ ይወጣና በፕላዝማው፣ በፈሳሹ የደም ክፍል፣ ይጓዛል። ከቀረው ጥቂቱ በሄሞግሎቢን ላይ ሌላ ቦታ ይለጠፋል፤ ጥቂቱ እንዲሁ ይሟሟል። በታሪክ ቋንቋ፦ እንግዳው ገባ፣ ልብሱን ቀየረ፣ ወጥቶ ከጎኗ ተጓዘ። ሳንባ ሲደርሱ ተመልሶ ይገባና የድሮ ልብሱን ለብሶ በትንፋሽ ይወጣል።

6. በጣታችሁ ፈትሹ

ረቂቁ ሲያልቅ የልብን ሥዕል ዘርጉና ታሪኩን እያነበባችሁ በጣታችሁ ተከተሉ። ጣታችሁ ካልዘለለ ጥሩ ነው። ሥዕሉ ላይ የልጁ ቀኝ በእናንተ ግራ በኩል መሆኑን አትርሱ፤ ከፊት ለፊታችን የቆመ ሰው ነው የተሣለው።

ከዚያ ቁጠሩ። በአንድ ሙሉ ዙር አራት የልብ ቫልቮች መታለፍ አለባቸው። ልብ ውስጥ ሁለት ጊዜ መገባት አለበት። ካፒላሪም ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በሳንባ አንዴ በመረጣችሁት ቦታ። ሦስት ቫልቭ ካገኛችሁ አንዱን የልብ ክፍል ዘላችኋል። ካፒላሪው አንድ ብቻ ከሆነ ሴሏ ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ በአየር ተሻግራለች ማለት ነው። ይህ ሕግ ከማይሠራባቸው ቦታዎች አንዱ አንጀት ነው። ከአንጀት የሚወጣ ደም ወደ ልብ ከመመለሱ በፊት በጉበት ውስጥ ስለሚያልፍ ካፒላሪው ሦስት ይሆናል። አንጀትን የመረጠ ተማሪ ይህን ከጻፈልኝ በጣም ደስ ይለኛል።

በመጨረሻ ቁጥሮቹን እዩ። ኦክስጅኑ የሚለዋወጠው በሁለቱ ካፒላሪዎች ብቻ መሆን አለበት። ሌላ ቦታ ላይ ከተለወጠ ሰርዙ።

7. የት ላይ እናቁም?

ሳንባ ላይ አታቁሙ። ጭነቷን ተሸክማ የተመለሰች ጀግና ትመስላለች፣ ግን ዙሩ አልሞላም። መነሻዋ ላይ አቁሙ፤ ሆኖም በሌላ በር አስገቧት። ቀዮ የመጣችው ከላይ ነበር፤ አሁን ከሥር ትግባ።

ከባት ወደ ልብ መመለሱ ሽቅብ ነው፤ የልብ ግፊት ደግሞ እዚህ ሲደርስ ደክሟል። የሚረዳት ያው የልጁ ባት ነው። ጡንቻው በተጨማደደ ቁጥር ደም መልሱን ይጨምቀዋል፤ በውስጡ ያሉት ትናንሽ ቫልቮች ወደ ታች እንዳትመለስ ይከለክሏታል። (እነዚህን ከአራቱ የልብ ቫልቮች ጋር አትቁጠሩ።) ስለዚህ ኦክስጅኗን የወሰደው ጡንቻ ራሱ ወደ ላይ ይሸኛታል።

«ረገጠ፣ ተገፋች። አነሣ፣ በሩ ከሥሯ ተዘጋ። ረገጠ። ጉልበት፣ ጭን፣ ሆድ። ሠላሳ ይዛ ሰፊው ቦታ ገባች። ከላይ ሌሎች እየወረዱ ነበር፤ ከእርሷ የቀሉ፣ ከአንጎል የመጡ። ልጁ ዳገቱ አናት ላይ ቆሞ በጉልበቱ ተደገፈና ለጓደኛው "ጠብቀኝ" አለው። በሩ ተከፈተ።»